ለነገ ስንት ዳቦ? በተራፊና በጉድለት መካከል ቁጥሩን ያገኘንበት መንገድ

ማታ መደርደሪያው ላይ 20 ዳቦ ተርፎ ሲታይ ያናድዳል። ከመዝጊያው ሰዓት በፊት መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ግን ደስ ይላል፤ «ዛሬ እኮ ሁሉም አለቀ!» ይባላል። አብዛኛው ገንዘባችን ያመለጠን በዚህ ደስታ ውስጥ ነበር። የተረፈው ዳቦ ስለሚታይ ይቆጠራል፤ ባዶ እጁን የተመለሰው ገዢ ግን የትም አይጻፍም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዳቦ፣ ኬክ ወይም ሌላ ቢያድር ዋጋ የሚያጣ ነገር የምታዘጋጁ ሁሉ እኛ ረጅም ጊዜ የፈጀንበትን ነገር በአጭሩ እንድታገኙት ነው።

ለነገ ስንት እንደሚጋገር የሚወስነው ስሌት የጋዜጣ ሻጩ ስሌት ይባላል። ጋዜጣ ሻጭ ጠዋት ስንት ቅጂ እንደሚወስድ መወሰን አለበት፤ ማታ የቀረው ጋዜጣ ነገ ወረቀት ብቻ ነው፤ ቀን ላይ ቢያልቅበት ደግሞ ተጨማሪ የሚያመጣበት መንገድ የለውም። ሐሳቡ የቆየ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ባንክ ለደንበኞቹ ስንት ጥሬ ገንዘብ በእጁ ማቆየት እንዳለበት ሲያሰላ ተመሳሳይ መንገድ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ኬኔት አሮው፣ ቴዎዶር ሃሪስና ጃኮብ ማርሻክ ስለ ክምችት ባወጡት ጥናት ውስጥ ሰፋ አድርገው አቅርበውታል። ስሌቱ ራሱ አንድ መስመር ነው። አስቸጋሪው ወደ ስሌቱ የሚገቡትን ቁጥሮች ማግኘት ነው፤ ስህተቶቻችንም በሙሉ እዚያ ነበሩ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። «ትርፍ» የሚለው ቃል ሥራው ያስገኘውን ገንዘብም ሳይሸጥ የቀረውን ዕቃም ስለሚገልጽ ደብተር ላይ ያደናግራል። እዚህ ለገንዘቡ ትርፍ፣ ሳይሸጥ ለቀረው ዳቦ ተራፊ፣ ፈላጊ ኖሮ ዳቦ ላጣንበት ደግሞ ጉድለት እላለሁ።

ሁሉም እንደሚጀምረው እኛም የጀመርነው በአማካይ ነው። ያለፉት ቀናት ተደምረው ተካፈሉ፣ የወጣው ቁጥር ተጋገረ። አማካይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ አንዳንድ ቀን ይተርፋል፣ አንዳንድ ቀን ይጎድላል፣ ይቻቻላል ይባላል። ነገር ግን አማካይ አንድ ነገር ሳይናገር ይገምታል፦ አንድ ዳቦ መትረፉና አንድ ዳቦ መጉደሉ እኩል ያከስራሉ ብሎ። እኩል የሚሆኑት ግን አልፎ አልፎ ነው።

ቁጥር እንያዝ። የገንዘቡ ዓይነት የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ለስሌት እንዲመች አጠጋግቼዋለሁ። አንድ ዳቦ በ10 ይሸጣል። እሱን ለመጋገር የሚወጣው 4 ነው። ሳይሸጥ ካደረ በ1 ይሸጣል። እንግዲህ ፈላጊ መጥቶ ዳቦ ካጣ የቀረብን 10 ሲቀነስ 4፣ ማለትም 6 ነው። ይህ የጉድለት ኪሳራ ነው። ዳቦው ከተረፈ ደግሞ 4 አውጥተን 1 ስላገኘን የጠፋው 3 ነው። ይህ የተራፊ ኪሳራ ነው። አንድ ዳቦ መጉደሉ አንድ ዳቦ ከመትረፉ ሁለት እጥፍ ይጎዳል። ስለዚህ ከአማካዩ ከፍ ብሎ መጋገር ያዋጣል፤ ጥያቄው ምን ያህል ከፍ ብሎ ነው።

አሁን የ20 ቀን ፈላጊ እንውሰድ፤ ገዝቶ የሄደውም አጥቶ የተመለሰውም ተቆጥሮ። የተመለሱት እንዴት እንደሚታወቁ በኋላ እመጣበታለሁ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር ይህን ይመስላል፦

78፣ 84፣ 88፣ 91፣ 93፣ 95፣ 97፣ 98፣ 100፣ 101፣ 103፣ 104፣ 106፣ 108፣ 110፣ 113፣ 116፣ 120፣ 126፣ 135

አማካዩ 103 ገደማ ነው። ከዚህ በላይ አንድ ዳቦ ስንጨምር ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ እንይ። 104ኛውን ዳቦ ብንጋግር የሚሸጠው ፈላጊው 104 ወይም ከዚያ በላይ በሆነበት ቀን ብቻ ነው። ከሰልፉ ስንቆጥር እንዲህ ያሉ ቀናት 9 ናቸው። 9 ጊዜ 6 ያስገባልናል፤ 54። በቀሩት 11 ቀናት ተርፎ 3 ያስወጣናል፤ 33። ያዋጣል። 108ኛውስ? በ7 ቀን ይሸጣል፤ 42 ይገኛል። በ13 ቀን ይተርፋል፤ 39 ይጠፋል። አሁንም በትንሹ ያዋጣል። 109ኛው ግን የሚሸጠው በ6 ቀን ብቻ ነው፤ 36 አግኝቶ በ14 ቀን 42 ያጠፋል። አያዋጣም። እዚህ ላይ እናቆማለን፤ የሚጋገረው 108 ነው።

ይህን ሁሉ ቆጠራ የሚያሳጥረው መስመር ይህ ነው፦ የጉድለት ኪሳራን ለሁለቱ ኪሳራዎች ድምር ማካፈል። 6 ለ9 ሲካፈል 0.667 ይሆናል፤ ይህን ምጣኔ እለዋለሁ። ትርጉሙም ከመቶ ቀን በ67ቱ ገደማ ፈላጊውን ሁሉ ማዳረስ፣ በ33ቱ ገደማ ደግሞ ማነስ ማለት ነው። የ20 ቀን ሰልፋችን ላይ 20 በ0.667 ሲባዛ 13.3 ይመጣል፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 14ኛው ቁጥር ነው፤ 14ኛው ቁጥር ደግሞ 108። ኤክሴል ለምትጠቀሙ ቀናቱ በዓምድ A ከ1 እስከ 20 ከተጻፉ መደርደርም ሳያስፈልግ ይህ ይበቃል፦

```
=SMALL(A1:A20, ROUNDUP(20*6/(6+3), 0))
```

አሁን ከብዙ ሰው የሚደበቅ አንድ እውነት ልንገራችሁ። በ20ው ቀን ውስጥ 108 ሲጋገር የተራፊውና የጉድለቱ ኪሳራ ተደምሮ 930 ነው። 106 ቢጋገር 936፣ 110 ቢጋገር 942 ይሆናል። በአማካዩ 103 ሲጋገር 981 ነው። እንደምታዩት በትክክለኛው ቁጥር ዙሪያ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ሁለትና ሦስት ዳቦ ወዲህ ወዲያ ማለት ብዙ አይጎዳም። ራቅ ሲሉ ግን ገደል ነው፤ 95 ሲጋገር ኪሳራው 1365 ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ዳቦ ልዩነት አትጨነቁ። ትሪያችሁ 12 ዳቦ የሚይዝ ከሆነ 9 ትሪ ልክ 108 ነው፤ ባይገጥም ወደሚቀርበው ትሪ ሂዱ። ጭንቀታችሁን ሩቅ ለሚጥሉ ስህተቶች አስቀምጡት። ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁለቱ እንደዚያ ያሉ ናቸው።

የመጀመሪያው የወጪው ቁጥር ነው። አንድ ዳቦ ስንት ያስወጣል ሲባል ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የቤት ኪራዩን፣ ደመወዙን፣ የምድጃውን ዕዳ ሁሉ በዳቦው ቁጥር አካፍሎ ይጨምርበታል። በዓመት መጨረሻ ለሚሠራ ሒሳብ ይህ ልክ ነው። «አንድ ዳቦ ልጨምር ወይስ አልጨምር» ለሚለው ጥያቄ ግን ያሳስታል። አንድ ዳቦ ቢጨመር ኪራዩ አይጨምርም፤ ጋጋሪው የሚከፈለው ያው ነው። የሚጨምረው ዱቄቱ፣ እርሾው፣ ጨውና ዘይቱ፣ መጠቅለያው፣ አዲስ ትሪ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ የተወሰነ ማገዶ ወይም መብራት ነው። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ዳቦ ባልጋግረው ኖሮ ይህ ገንዘብ በኪሴ ይቀር ነበር? አዎ ከሆነ ወጪ ውስጥ ይገባል፤ አይደለም ከሆነ ይውጣ።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ኪራይና ደመወዝ ታክሎበት ወጪው 4 መሆኑ ቀርቶ 7 ነው ብንል የጉድለት ኪሳራው 3፣ የተራፊው 6 ይሆናል። ምጣኔው 0.667 መሆኑ ቀርቶ 0.333 ይሆናል። ከሰልፉ 7ኛውን ቁጥር እንወስዳለን፤ 97። ይህ ቁጥር ከአማካዩም በታች ነው። እውነተኛው ወጪ 4 ስለሆነ በ97 የሚደርሰው እውነተኛ ኪሳራ 1233 ነው። ከ108ቱ ጋር ሲነጻጸር 303 በከንቱ ሄደ። በአማካይ መጋገር ያጠፋብን 51 ብቻ ነበር። የተሳሳተ ወጪ ይዞ ትክክለኛውን ስሌት የሚሠራ ሰው ስሌቱን ፈጽሞ ከማያውቀው ይልቅ ስድስት እጥፍ ገደማ ይከስራል። ለዚህ ነው ስሌቱን ከመማር በፊት ወጪውን ማጥራት ይቀድማል የምለው።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም ደብተሩ ራሱ ይዋሻል። ብዙዎቻችን የምንጽፈው የተሸጠውን ነው። የተሸጠው ግን ከተጋገረው አይበልጥም። ፈላጊው 135 በነበረበት ቀን 95 ከጋገርን ደብተሩ 95 ይላል፤ 40 ሰው መመለሱን አይናገርም። በየቀኑ 95 እየጋገርን 20 ቀን ብንሸጥ ደብተሩ ምን ይመስላል? 78፣ 84፣ 88፣ 91፣ 93፣ ከዚያ በኋላ ያሉት 15 ቀናት በሙሉ 95። በዚህ ላይ ያንን የሚያምር መስመር ስንሠራ 14ኛው ቁጥር 95 ይመጣል። ስሌቱ «ልክ ነህ፣ በ95ህ ቀጥል» ይላል። የጋገርነውን መልሶ ያሳየናል፤ መስታወት ፊት ቆሞ ምክር እንደመጠየቅ ነው።

የተሸጠውን አማካይ ለሚጋግር ደግሞ ይብሳል። 95 እየጋገረ የ20ው ቀን ሽያጭ አማካይ 93 ይወጣል። በሚቀጥለው ዙር 93 ይጋግራል፤ ፈላጊው ምንም ሳይለወጥ የሽያጩ አማካይ ወደ 91 ይወርዳል። 91 ሲጋግር 90 ይመጣል። በየዙሩ ገበያው የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ገበያው ግን ያው ነው፤ እየቀነሰ ያለው ራሱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተራፊው እያነሰ ስለሚሄድ ደግሞ ሥራው እየተስተካከለ የመጣ ይመስላል። «ቀስ በቀስ ሰው ቀነሰብን» የሚል ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን ያህል ቀን ዳቦ እንደሚያልቅበት ይሁን።

መውጫ መንገዱን ያገኘነው ከምጣኔው ራሱ ነው። ምጣኔው 0.667 ከሆነ በትክክል ስንጋግር ከሦስት ቀን በአንዱ ገደማ ዳቦው ማለቅ አለበት። ይህን ለማወቅ የተመለሱትን ሰዎች መቁጠር አያስፈልግም፤ በየማታው «አለቀ» ወይም «ተረፈ» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። የመደርደሪያው ባዶነት የፈላጊውን ብዛት ባይነግረንም ካለን በላይ ወይም ልክ ያለንን ያህል ፈላጊ እንደነበረ ግን ሳይዋሽ ይነግረናል። ከ20 ቀን የሚጠበቀው 7 ያህል «አለቀ» ነው። በ95 ግን 15 ቀን አለቀ። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ በጣም አንሷል። በተቃራኒው በ20 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ካለቀ ከሚገባው በላይ እየተጋገረ ነው።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። 7 ይጠበቃል ማለት ሁልጊዜ 7 ይመጣል ማለት አይደለም። በ20 ቀን ውስጥ ከ3 እስከ 11 ድረስ «አለቀ» ቢመጣ ዕድል ብቻውን ሊያመጣው ይችላል፤ በዚህ መካከል ከሆናችሁ ቁጥሩን ለመለወጥ አትቸኩሉ። ከዚህ ከወጣ ግን ሰበብ አትፈልጉለት።

ፈላጊው ጨርሶ ለማይታወቅበት፣ ገና ለተከፈተ ቤት ደግሞ ከዚሁ የሚወለድ ቀላል ዘዴ አለ። ዳቦው ባለቀበት ማግስት የጉድለቱን ኪሳራ ያህል ጨምሩ፤ በተረፈበት ማግስት የተራፊውን ኪሳራ ያህል ቀንሱ። 6 እና 3 ትልቅ እርምጃ ስለሆነ በአንድ ልክ አሳንሱት፤ 2 እና 1። ሲያልቅ 2 መጨመር፣ ሲተርፍ 1 መቀነስ። ከሦስት ቀን አንዱ አልቆ ሁለቱ ሲተርፉ የተጨመረው ሁለትና የተቀነሰው ሁለት ስለሚጣፉ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፤ የምንፈልገውም ያንኑ ነው።

ከ95 ተነስተን 10 ቀን እንከተለው። ፈላጊው በተራ 104፣ 113፣ 91፣ 120፣ 101፣ 88፣ 110፣ 98፣ 126፣ 116 ነው፤ ጋጋሪው ግን ይህን አያይም፣ መደርደሪያውን ብቻ ነው የሚያየው። በመጀመሪያው ቀን 95ቱ አለቀ፤ 97 ሆነ። በሁለተኛው አለቀ፤ 99። በሦስተኛው ተረፈ፤ 98። በአራተኛው አለቀ፤ 100። በአምስተኛው 101 ሰው መጥቶ 100ው አለቀ፤ 102። በስድስተኛው ተረፈ፤ 101። በሰባተኛው አለቀ፤ 103። በስምንተኛው ተረፈ፤ 102። በዘጠነኛውና በአሥረኛው አለቀ፤ 104፣ ከዚያ 106። ፈላጊውን አንድም ቀን ሳይቆጥር ከ95 ተነስቶ 108 ጎን ደረሰ። ከዚህ በኋላ በ108 ዙሪያ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቅድም ያየነው ሜዳ ላይ ስለሆነ ያ መዋዠቅ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ትሪው 12 የሚይዝ ከሆነ 2 ዳቦ መጨመር አይቻልም፤ ቁጥሩን በደብተር ላይ ብቻ አራምዱትና ወደሚቀርበው ትሪ ጋግሩ።

በዚህ ዘዴ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ራስን መግታት ነው። ትናንት 25 የተረፈበት ሰው ለዛሬ 20 መቀነስ ያምረዋል፤ ትናንት በጠዋት ያለቀበት 30 መጨመር። ሞሪስ ሽዋይትዘርና ጄራርድ ካሾን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ሰዎችን በዚሁ ስሌት ፈትነው ነበር። ብዙ መያዝ በሚያዋጣበት ያንሳሉ፣ ትንሽ መያዝ በሚያዋጣበት ያበዛሉ፤ ሁለቱም ጊዜ ወደ አማካዩ ይሳባሉ። ስለዚህ የትናንቱ ተራፊ 1 ይሁን 25 እርምጃው አንድ ነው፤ 1 መቀነስ። ይህ ግትርነት ይመስላል፤ ግን አንድ ቀን ብቻውን ብዙ እንዳይናገር የሚያደርገው ይኸው ነው።

ያለቀባቸውን ቀናት እውነተኛ ፈላጊ ለመገመት የምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጨምራችሁ ጻፉ፤ ያለቀበትን ሰዓት። መጀመሪያ ዳቦ በተረፈባቸው ቀናት ሽያጩ በሰዓት እንዴት እንደሚከፋፈል እዩ። ቤቱ ለ12 ሰዓት ክፍት ነው እንበል፤ ከተከፈተ በ9ኛው ሰዓት መጨረሻ ላይ የቀኑ ሽያጭ 80 ከመቶ ይደርሳል። አንድ ቀን 96 ዳቦ ልክ በዚያ ሰዓት ካለቀ 96 ለ0.8 ሲካፈል 120 ይሆናል። ወደ ሰልፉ የሚገባው 96 ሳይሆን 120 ነው። ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ዳቦው ገና በቀኑ እኩሌታ ካለቀ ትንሽ ስህተት ወደ ትልቅ ስለሚባዛ ቁጥሩን አትመኑት፤ «በጣም ብዙ» ብላችሁ ከሰልፉ መጨረሻ አስቀምጡት። እኛ የምንፈልገው 14ኛውን ቁጥር ስለሆነ የመጨረሻው 130 ይሁን 160 መልሱን አይለውጠውም። ስሌቱ ከአማካይ የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ቀናትን ስትመዘግቡ የሚመሳሰሉትን ከሚመሳሰሉት ጋር አድርጉ። የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን፣ የደመወዝ ሰሞንና የወር አጋማሽ በአንድ ሰልፍ ውስጥ ከገቡ ሰልፉ ያለ አግባብ ይረዝማል፤ የሚወጣው ቁጥርም ለአንዱ ቀን ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል። ለእያንዳንዱ የቀን ዓይነት የራሱ ገጽና የራሱ የ2ና የ1 እርምጃ ይኑረው።

የተራፊው መሸጫ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያደረ ዳቦ በ1 ይሸጣል ብለን ሒሳብ ውስጥ ያስገባነው ገዢው ሌላ ሰው ከሆነ ነው። ርካሹን የሚጠብቅ የራሳችን ደንበኛ ከሆነ ግን ያደረው ዳቦ ትኩሱን እየበላው ነው። ያደረ ከሚገዙ 4 ሰዎች አንዱ ያደረ ባይኖር ኖሮ ትኩሱን ይገዛ ነበር እንበል። በእሱ 6 ቀረብን፤ ለአራቱ ሲካፈል 1.5። ስለዚህ ያደረው ዳቦ እውነተኛ ዋጋ 1 ሲቀነስ 1.5፣ ማለትም ከዜሮ በታች ግማሽ ነው። የተራፊው ኪሳራ ከ3 ወደ 4.5 ይወጣል፤ ምጣኔው 6 ለ10.5፣ 0.571 ይሆናል፤ ከሰልፉ 12ኛው፣ 104። መለኪያው ቀላል ነው፤ ያደረ መሸጡን ለጥቂት ሳምንት አቁማችሁ የትኩሱ ሽያጭ ከፍ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የጉድለቱ ኪሳራም እንዲሁ ወደ ሁለቱም ወገን ይሄዳል። ዳቦ ያጣ ሰው ሌላ ዓይነት ዳቦ ከእኛው ገዝቶ ከሄደ የቀረብን 6 አይደለም፤ በሁለቱ ዳቦዎች ትርፍ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ከዳቦው ጋር ወተትና ቅቤ ሊገዛ የነበረ ሆኖ ሁሉንም ትቶ ከወጣ ግን የእነሱም ትርፍ በ6ቱ ላይ ይደመራል። ደንበኛው ደጋግሞ አጥቶ ፈጽሞ መምጣት ቢተውስ? ይህን በትክክል የሚለካ ቁጥር የለኝም። የማደርገው ምጣኔውን በ6 እና በ8 ሁለቴ መሥራት ነው። በ8 ሲሠራ 0.727 ይመጣል፤ ከሰልፉ 15ኛው፣ 110። ከ108 በ2 ብቻ ስለሚለይ እዚህ ላይ መጨቃጨቁ ጊዜ ማባከን መሆኑን ያሳያል።

ስሌቱ የማይሠራበት ቦታም አለ። ቀን ላይ ሁለተኛ ዙር መጋገር የምትችሉ ከሆነ ይህ የአንድ ጊዜ ውሳኔ አይደለም። ጠዋት ያነሰ ጋግሮ የቀኑን አካሄድ አይቶ መጨመር ይቻላልና ለመጀመሪያው ዙር 108 ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ ስሌቱን የምትጠቀሙበት ለመጨረሻው ዙር ነው፤ ከዚያ ሰዓት እስከ መዝጊያ ያለውን ፈላጊ ብቻ ለይታችሁ መደርደር፣ በእጅ የቀረውንም ዳቦ ከሚወጣው ቁጥር ላይ መቀነስ። ሊጡ ግን ጠዋት ተቦክቶ የሚያድርበት መንገድ ከሌለ የመጀመሪያው ውሳኔ የሊጡ መጠን ስለሆነ ወደ ነበርንበት እንመለሳለን።

በመጨረሻም ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ምጣኔው እንደገና ይሠራ። ዱቄት ተወዶ የአንዱ ዳቦ ወጪ ከ4 ወደ 5.5 ቢወጣና መሸጫው 10 ላይ ቢቆይ የጉድለቱ ኪሳራ 4.5፣ የተራፊውም 4.5 ይሆናል። ምጣኔው ግማሽ ነው፤ ከሰልፉ 10ኛው፣ 101። ፈላጊው አንድም ሳይቀንስ 7 ዳቦ መቀነስ አለበት። የየማታው እርምጃም ይለወጣል፤ ሲያልቅ 1 መጨመር፣ ሲተርፍ 1 መቀነስ፤ ከ20 ቀን የሚጠበቀውም «አለቀ» ከ7 ወደ 10 ይወጣል።